«እይ»፣ «ይዩ» ወይስ «እዩ»?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ቆሞ ለአባቱ የስልክ መልእክት ያነባል፡፡ ጊዜው የ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው፡፡ «ተምች ገብቷልና ማሳህን እየዞርክ እይ» ይላል መልእክቱ፡፡ ልጁ ቆም አለ፡፡ በዚያ ቤት አባት «አንቱ» ነው እንጂ «አንተ» ተብሎ አያውቅም፡፡ ስለዚህ በራሱ ሥልጣን አረመውና «ማሳዎን እየዞሩ ይዩ ይላል» ብሎ አነበበ፡፡

በሳምንቱ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ሌላ መልእክት ገባ፡፡ «አርሶ አደሮች የበቆሎ ማሳቸውን የአሰሳ ሥራ እንዲያከናውኑ በጥብቅ እናሳስባለን፡፡» አሁን ልጁ የሚያርመው ነገር አላገኘም፤ እንዳለ አነበበው፡፡ አባትዬው ደግሞ እውነት መስሏቸው «የትኞቹ አርሶ አደሮች ናቸው?» ብለው ጠየቁ፡፡

ይህን ያጫወተን ከመካከላችን አንዱ ነው፡፡ በዚያ ክረምት በአካባቢው በሚገኝ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ፣ በሰብል ልማት ክፍሉ ያሉ ስድስት ባለሙያዎች የሚጽፏቸውን መልእክቶች አንድ ወጥ አድርጎ እንዲልክ ታዝዞ ነበር፡፡ «ሥራ ነው እንዴ ይሄ?» ብለን ስቀንበት ነበር፡፡ ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ ግብረ ሠናይ ድርጅት ገብተን የሌላ ሰው ጽሑፍ ማስተካከል የዕለት እንጀራችን ሆኗል፡፡ የሳቅንበት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው፡፡ ስለዚህ የእሱን ክረምት ይዘን አንድ ክርክር ልናነሳ ነው፡፡ አንድ ድምፅ ማለት የኃላፊው ድምፅ ማለት አይደለም፤ «ያማረ አማርኛ» ማለትም አይደለም፡፡ በቁጥር ጥቂት የሆኑ ውሳኔዎች ድምር ነው፡፡ እነዚያን ውሳኔዎች ያልወሰነ አራሚ ደግሞ ባለማወቅ የሰውን ማሳ ሊጎዳ ይችላል፡፡

ስድስት ሰው፣ ስድስት ጌታ

መጀመሪያ ነገሩን በቦታው እናስቀምጠው፡፡ በ2009 ዓ.ም. አሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ትል አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፡፡ በደቡብ ምዕራቡ ሸካ ተጀምሮ በዚያው ክረምት አማራ ክልል ደረሰ፡፡ ምዕራብ ጎጃም ደግሞ የበቆሎ አገር ነው፡፡ ጽሕፈት ቤቱ መልእክት የሚልከው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ስልክ ላላቸው ሞዴል አርሶ አደሮች ነበር፡፡ ሞዴሉ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ላሉት ጎረቤቶቹ በቃል ያደርሳል፡፡ ማለትም ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ የሚቆየው እስከ አንድ ሰው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንግግር ይሆናል፡፡

ስድስቱ ባለሙያዎች እንዴት ይጽፉ ነበር? ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጣው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በሪፖርት ቋንቋ ይጽፋል፤ «ይቻል ዘንድ»፣ «እንዲያከናውኑ»፣ «በጥብቅ እናሳስባለን»፡፡ ሃያ ዓመት በልማት ጣቢያ የቆዩት ጋሼ፣ ጎረቤታቸውን እንደሚያናግሩ «እየዞርክ እይ፤ ካየኸው ልቀመው» ይላሉ፡፡ የግብዓት ክፍሉ ሰው በቃለ አጋኖ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ «በሕግ ያስጠይቃል!!!»፡፡ የአፈር ለምነት ባለሙያዋ ደግሞ አድራጊውን ጨርሳ ትሰውረዋለች፤ «ይጨመር»፣ «ይታረም»፡፡ ማን ይጨምር? ማን ይረም? የቀሩት ሁለቱ እንደ ዕለቱ ስሜታቸው ነበሩ፡፡

ጓደኛችን የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከነው ሁላችንም በምንሠራው ስሕተት ነው፡፡ መልእክቶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አረማቸው፡፡ እያንዳንዱን ለብቻው ስታየው ያምራል፤ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን ሰኞ የተጻፈው «እርስዎ»፣ ሐሙስ የተጻፈው «እናንተ» ሆኖ ተገኘ፡፡ ያረመው አንድ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን አሁንም ሁለት ነው፡፡ በሁለተኛው ሳምንት የሳምንቱን መልእክት ሁሉ አጠራቅሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ምንም ሳያርም መጀመሪያ ማንበብ ጀመረ፡፡ ሲያነብ የሚፈልገው ስሕተት አይደለም፤ ልዩነት ነው፡፡ ሰዎቹ የሚለያዩት በምን በምን ነው? መልሱ ከጠበቀው በላይ አጭር ሆነ፤ በማን አነጋገር፣ በስምና በትእዛዝ ልክ፡፡

ማንን ነው የምናናግረው?

አማርኛ እዚህ ላይ አያዝንልንም፡፡ አንድ «ተመልከት» ለማለት እንኳ የሚሰማን ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ እኩያ ይሁን ታላቅ ቀድመን መወሰን አለብን፡፡ «እይ»፣ «እዪ»፣ «እዩ»፣ «ይዩ»፡፡ አራቱም አንድ ነገር ያዛሉ፤ አራቱም የተለያየ ሰው ፊት ያቆሙናል፡፡ ስድስት ሰዎች ሲጽፉ ድምፁ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚህ ግስ ላይ ነው፡፡

«እይ» ቀድሞ ወደቀ፡፡ ማሳ ያላቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች በየቀበሌው አሉ፤ መልእክቱ ለእነሱም ይደርሳል፡፡ በዚያ ላይ መልእክቱን ጮክ ብሎ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ልጅ ለአባቱ ሊለው የማይችለውን ነገር ጽሕፈት ቤት በልጅ አፍ ማስባል የለበትም፡፡

«ይዩ» ክብር አለው፡፡ ባለሙያዎቹ ሁሉ የመረጡት እሱን ነበር፡፡ ችግሩ «እነሱ ይዩ» ማለትም መሆኑ ነው፡፡ ፊት ለፊት ስንነጋገር ዓይናችንና እጃችን ይለዩታል፤ በስልክ መልእክት ላይ ግን ዓይንም እጅም የለም፡፡ ሞዴሉ ለጎረቤቱ በቃል ሲያደርስ ደግሞ «ይዩ ብለዋል» ይሆንና ማን ይይ የሚለው ጭራሽ ይጠፋል፡፡

ጓደኛችን የመረጠው «እዩ»ን ነው፡፡ ማሳ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ባል፣ ሚስትና ልጅ ይሠሩበታል፡፡ «እዩ» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ይጠራል፤ ወንድ ሴት አይለይም፤ ሦስተኛ ሰው አያስመስልም፡፡ ልጁም ሳያርመው ሊያነበው ይችላል፡፡ ተቃውሞ አልጠፋም፤ «ለሽማግሌ ‹እዩ› ይባላል ወይ?» ተባለ፡፡ ጋሼ ናቸው የፈቱት፡፡ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንት ሽማግሌ ተቀምጦ «ስሙ» እንደሚባልና ማንም እንደማይቀየም አስታወሱ፡፡ መልእክቱ ለአንድ ሰው ቢደርስም የሚናገረው እንደ ስብሰባ ነው፤ ተወሰነ፡፡ ከዚያ ቀን በኋላ አራሚው «እዩ ይሻላል ወይስ ይዩ» ብሎ አላሰበም፡፡ ውሳኔ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አንዴ ታስቦበት ሁልጊዜ የሚያሳርፍ፡፡

አንድ ነገር፣ አንድ ስም

ሁለተኛው ስንጥቅ ስም ነው፡፡ ከስድስቱ አንዱ «ተምች» ይላል፤ ሌላው «የአሜሪካ ተምች»፤ ሌላው «መጤ ተምች»፤ አንዱ ደግሞ «ትል» ብሎ ይገላገላል፡፡ ቢሮ ውስጥ ሁላቸውም ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ ያውቃሉ፡፡ አርሶ አደሩ ግን ተምችን ከድሮ ያውቀዋል፡፡ ነባሩ ተምች መንጋ ሆኖ ይመጣል፤ በግልጽ ይታያል፤ በልቶ ያልፋል፡፡ መጤው ግን እንደዚያ አይደለም፡፡ ትንሽ እያለ ቅጠሉን እየፋቀ እንደ መስኮት ያሳሳዋል፤ ከዚያ ወደ በቆሎው ልብ ገብቶ ይደበቃል፡፡ የሚታወቀው ቅጠሉ መሃል በሚተወው የመጋዝ ብናኝ በሚመስል ኩስና፣ ግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ «Y» በሚመስል ነጭ መስመር ነው፡፡ እንግዲህ «ተምች ገብቷል» የሚለውን የሰማ ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ መንጋ ይፈልጋል፤ መንጋ ሲያጣ «የእኔ ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል፡፡ ትሉ ግን ከእግሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ በቆሎው ልብ ውስጥ ነው፡፡

ስለዚህ ስሙ «መጤ ተምች» ሆኖ ተቆረጠ፤ ሁልጊዜም መልእክቱ መጀመሪያ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ፡፡ ትምህርት ቤት «ቃል አትደጋግሙ» ተብለን አድገናል፡፡ ለድርሰት ይሠራ ይሆናል፡፡ ለመልእክት ግን መርዝ ነው፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ሰሚው «ይሄ ደግሞ ሌላ ነው» ይላል፡፡ «መድኃኒት» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ቀረ፤ ለሚረጨው ነገር ሁሉ «ኬሚካል» ተባለ፡፡ ገበሬው ሁለቱንም ቃል ያውቃል፤ መድኃኒት ግን የሚያድን ነገር ስም ነው፤ ጎተራ አጠገብ ለሚቀመጥ ጠርሙስ አይሆንም፡፡

የማይነካው

እስካሁን ጓደኛችንን ጀግና አስመስለነዋል፡፡ ከዚህ በኋላ ጥፋቱ ነው፤ ራሱም ደጋግሞ የሚነግረን ይህንን ነው፡፡

የአፈር ለምነት ባለሙያዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «የሁለተኛው ዙር ዩሪያ በቆሎው በበቀለ ከ35 እስከ 40 ባለው ቀን፣ ማሳው ከታረመ በኋላ ይጨመር፡፡» ጓደኛችን በአዲሱ ድምፅ ጻፈው፤ «በቆሎ 35 ቀን ሲሞላው ዩሪያ ጨምሩ፡፡» ግሱ ትክክል ነው፤ ስሙ ትክክል ነው፤ ሲነበብም ደስ ይላል፡፡ ተላከ፡፡

በሳምንቱ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደውላ «ሰዉ አረሙ መሃል ዩሪያ እየበተነ ነው፤ እናንተ ናችሁ አሉ ያላችሁት?» አለች፡፡ ባልታረመ ማሳ ላይ የተጨመረ ዩሪያ አረሙንም ይቀልባል፤ ገበሬው በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ከበቆሎው ጋር እየተሻማ አረሙ ይወስድበታል፡፡ ባለሙያዋ የራሷን ጽሑፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፡፡ «ከታረመ በኋላ» የሚሉት ሁለት ቃላት ጠፍተዋል፤ «ከ35 እስከ 40» የነበረውም «35» ሆኗል፡፡

ለምን ቆረጠው? መጀመሪያ የሰጠን ምክንያት ቦታ ነበር፡፡ ነገሩ እውነትነት አለው፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚጻፍ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፡፡ ከዚያ ካለፈ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሂሳቡም እጥፍ ይሆናል፡፡ ግን እስቲ እንቁጠረው፡፡ ከጥፋቱ በኋላ የተላከው ማረሚያ ይህ ነው፤

«በቆሎ በበቀለ ከ35-40 ቀን፦ መጀመሪያ እረሙ፤ ከዚያ ዩሪያ ጨምሩ፡፡»

ባዶ ቦታውንና ምልክቱን ጨምሮ 44 ነው፡፡ ሃያ ስድስት ምልክት ተርፏል! ቦታ አልነበረም ያስቆረጠው፤ ጆሮው ነው፡፡ ሁለት ሐረግ ያለው ዐረፍተ ነገር እያጠረ ሲሄድ እየጣመው ሄደ፡፡ የአራሚ አደጋ ይህ ነው ብለን እናምናለን፡፡ ድምፁ አንድ እየሆነ፣ እየለሰለሰ ሲሄድ አራሚው ለሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ትዕግሥት ያጣል፤ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ «ካልሆነ በቀር»፣ «በኋላ»፣ «ከ... እስከ» የሚለው ነው፡፡ እነዚያ ናቸው ባለሙያው የተማረው ትምህርት በሙሉ የተቀመጠባቸው ቃላት፡፡

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለወጠ፡፡ መልእክት ሲመጣለት እስክሪብቶ አንስቶ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠንና ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ሁሉ ያሰምርበታል፡፡ የተሰመረበት አይነካም፤ ቦታው ሊቀየር ይችላል እንጂ አይወጣም፡፡ ጽፎ ሲጨርስ መስመሮቹን ይቆጥራል፤ አምስት ገብተው አራት ከወጡ አንድ ነገር ሞቷል ማለት ነው፡፡ ቀጥሎ መልእክቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፡፡ ሲመልስም «ይሄ ጥሩ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሰው በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላልና፡፡ «ምን ጎደለብህ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ የእንግሊዝ መንግሥት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶቹን ድረ ገጾች ወደ አንድ ሲያሰባስብም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ አራሚዎች በአንድ ድምፅ ይጽፋሉ፣ የፍሬ ነገሩን ትክክለኛነት ግን የጉዳዩ ባለቤት የሆነው ክፍል ያጣራል፡፡

ምክርና ክልከላ

ሦስተኛውና የመጨረሻው ውሳኔ የትእዛዝ ልክ ነው፡፡ የሰብል ጥበቃው ልጅ ለሁሉም ነገር «በጥብቅ እናሳስባለን» ይል ነበር፤ ማሳ ለመጎብኘትም፣ ስብሰባ ለመምጣትም፡፡ ሁሉ ነገር ጥብቅ ከሆነ ጥብቅ ነገር የለም፡፡ ጓደኛችን በተቃራኒው ሄዶ ሁሉንም አለሰለሰ፡፡ የግብዓት ክፍሉን «ኬሚካል ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መርጨት በሕግ ያስጠይቃል!!!» የሚለውን «ኬሚካል ከመርጨታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ» አደረገው፡፡ ጨዋ ነው፤ ግን ክልከላው ምክር ሆነ፡፡ «ጠይቁ» የተባለ ሰው ባለሙያውን ካጣው ይረጫል፡፡

መፍትሔው ሦስት እርከን መለየት ነበር፡፡ መደረግ ያለበት በቀጥታ ትእዛዝ ይጻፋል፤ «እዩ»፣ «እረሙ»፡፡ ቢደረግ የሚሻል «ጥሩ ነው» ይባላል፡፡ የተከለከለ በ«አት» ይጀምራል፤ «ባለሙያ ሳያይ ኬሚካል አትርጩ፡፡» ቃለ አጋኖ የትም የለም፤ አያስፈልግምም፡፡ አንድ ድምፅ ማለት አንድ ቁጣ ወይም አንድ ልስላሴ ማለት አይደለም፡፡ አንድ ሰውም እኮ ሲመክርና ሲከለክል ድምፁ ይለያል፤ ግን ያው ሰው መሆኑ ይታወቃል፡፡

በእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች የሰብል ጥበቃው ልጅ ረጅም ማሳሰቢያና የጋሼ «እየዞርክ እይ» ተዋህደው ይህን ሆኑ፤

«መጤ ተምች፦ በሳምንት 2 ጊዜ ጠዋት በቆሎውን ልቡ ድረስ እዩ፡፡ ትሉን ካያችሁ ልቀሙ፤ ንገሩን፡፡»

ስድሳ አንድ ምልክት ነው፤ በአንድ መልእክት ገባ፡፡ «በሳምንት ሁለት ጊዜ» የልጁ ነው፤ «ጠዋት» እና «ልቀሙ» የጋሼ ናቸው፡፡ ልብ በሉ፤ የክፍሉ ድምፅ የተሠራው ከኃላፊው ደብዳቤ አይደለም፡፡ ከስድስቱ መካከል ለሰሚው ጆሮ የቀረቡት ጋሼ ነበሩ፤ መሠረቱ የእሳቸው አነጋገር ሆነ፤ የወጣው «አንተ»ያቸው ብቻ ነው፡፡ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፡፡ «አንድ ወጥ እናድርግ» ሲባል የበላዩ ሰው አጻጻፍ የሁሉም ይሆናል፤ ያም ብዙውን ጊዜ ከሰሚው በጣም የራቀው ነው፡፡

ምን ያህል ይዘልቃል?

ድምፁ አንድ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጓደኛችን ስድስቱን ባለሙያዎች ሰብስቦ የሳምንቱን መልእክቶች ያለ ስም ያነብላቸው ነበር፡፡ «ይሄ የማን ነው?» በአጻጻፉ ካወቁት ሥራው አላለቀም፡፡ በይዘቱ ግን ባለቤቱ «ይሄማ የእኔ ነው» ማለት አለበት፤ ካላለ አራሚው የራሱን ነገር ጽፏል ማለት ነው፡፡ ሁለቱ ፈተናዎች ሲጣመሩ ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ብቻ ማለፍ ቀላል ነው፡፡

በተቀዳ ድምፅ የሚሠራ አገልግሎት ይህ ችግር በከፊል የለበትም፡፡ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች ነጻ የስልክ መስመር ምክሩን የሚያሰማው በተቀዳ የሰው ድምፅ ነው፤ ደዋዩ አንድ ሰው እንደሚያናግረው ይሰማዋል፡፡ በጽሑፍ ግን ያንን ሰው ከግስና ከስም መሥራት አለብን፡፡ ለሁሉም ነገርም አይሆንም፡፡ በረዶ ሊጥል ሲል ወይም ትሉ አዲስ ቀበሌ ሲገባ «እስኪ ለአራሚ ይሂድና ይመለስ» ማለት እብደት ነው፤ ባለሙያው እንደጻፈው ይላክ፣ ስሙ ብቻ የተወሰነው ስም ይሁን፡፡

ጓደኛችን በመስከረም ሥራውን ለቀቀ፡፡ ከሁለት ወር በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባው የላከለትን መልእክት አሳየን፤ «አርሶ አደሮች የምርት መሰብሰብ ሥራ እንዲያከናውኑ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል፡፡ ስድስቱ ድምፆች ተመልሰዋል፡፡ ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ አላሳበበም፡፡ ውሳኔዎቹን ሁሉ የያዘው በጭንቅላቱ ነበር፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ግማሽ ገጽ ወረቀት እንኳ አልተወም፡፡ ግማሽ ገጽ ይበቃ ነበር፤ «እዩ» እንላለን፤ «መጤ ተምች» እና «ኬሚካል» እንላለን፤ ክልከላ በ«አት» ይጀምራል፤ የተሰመረበት አይነካም፤ ሳይላክ በፊት ባለቤቱ ያየዋል፡፡ አምስት መስመር!

ያ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ይሆናል፡፡ ምናልባትም አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የስድስት ሰው ጽሑፍ እያረመ ይሆናል፡፡ ከሁላችንም ቀድሞ ሥራውን የጀመረው እሱ ነው፤ በር ላይ ቆሞ፣ «እይ»ን «ይዩ» አድርጎ፣ ማሳውንና መዞሩን ግን ሳይነካ፡፡